«ቀበሮ ከበሮ ቀበረ»፦ ለልጄ የ«ቀ» መለማመጃ ብዬ የጻፍኩት፣ እስኪ እዩልኝ

ጦሳ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ልጄ 6 ዓመት ሞላት። ንግግሯ ንጹሕ ነው፣ አንድ ድምፅ ብቻ ቀርቷታል። «ቀ»ን ሁሉ «ከ» ትለዋለች። ቀሚስ «ከሚስ» ነው፣ ቆሎ «ኮሎ» ነው፣ ቁርስ «ኩርስ» ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም ለምደነዋል። መስከረም ላይ ግን አንደኛ ክፍል ትገባለች። ባለፈው ቅዳሜ የሰፈር ልጆች «ከይ ከሚስ፣ ከይ ከሚስ» እያሉ ሲከተሏት አየሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛ ልጆች ሳለን «ቶሎ ቶሎ በል» እየተባባልን ምላስ የሚያስር አባባል እንጫወት ነበር። እሱን አስታውሼ ለእሷ የሚሆን ራሴ ጻፍኩ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የጠበቅኩት። አንደኛ፣ ትርጉም የሌለው ቃል አላስገባሁም። ቤትና ገበያ የምትሰማው ቃል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ቃል በ«ቀ» ቤት ይጀምራል። እነሆ፦

«ቀጭኗ ቀበሮ ቂጣ ቀማች፣ ቅቤ ቀባች፣ ቆሎ ቆላች፣ ቆቅ ቀቀለች።»

አራት ቀን አልናት። ወደደችው፣ እየዘፈነች ትለዋለች። ግን «ከጭኗ ከበሮ ኪጣ ከማች» ብላ ነው። ይባስ ብሎ አሁን በጣም ፈጥናለች። ምን ይሆን ያጠፋሁት?

የወልድያ ልጅ

እህቴ፣ ሰላም። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ አንባቢ ነበርኩ። የተማርነው ዘዴ ይሄ ነው፦ እስክሪብቶ በጥርስ ትነክሻለሽ፣ አንድ ገጽ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥተሽ ያንኑ ገጽ ትደግሚያለሽ። አፍ ይፈታታል። የጻፍሽው አባባል ለዚህ አሪፍ ነው። ትንሽ ረዘም ብታደርጊው ደግሞ ለመድረክ መክፈቻም ይሆናል። ለበዓል ዝግጅት ልጠቀምበት?

ጦሳ ሥር

ወንድሜ ተጠቀምበት፣ ግድ የለም። ግን የእኔ ልጅ ገና ማንበብ አልጀመረችም። አፏም አልተሳሰረም። አንዷ ድምፅ ናት የጠፋችው።

የሳይንት እናት

እቴ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ንግግር ሲዘገይ «እንጥሉ ወርዷል፣ አስቆርጪው» አሉኝ። ሰፈር ውስጥ የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ወሰድኩት። ልጁ ሦስት ቀን ደም ተፋ፣ ውሃ እንኳ አልወርድ አለው። ንግግሩ ግን አንድ ቃል አልተሻሻለም። በራሱ ጊዜ ነው ያወራው። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይንቦጫቦጫል። አንዱ መጥቶ እንጥል ወይ የምላስ ሥር ይቆረጥ ቢልሽ እንዳትሰሚው።

ሌላው፣ ቀበሮሽን ወድጃታለሁ። እኛ አገር ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። ልጆቻችን በቅርብ ያውቁታል። «ቀጭኗ» ከምትይ «ቀይ» ብትይው እንዴት ነው?

ቧንቧ ውሃ

የሳይንት እናት፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። «ቀ»ን ስንል እንጥል ምንም ሥራ የለውም። የምላስ ጫፍም የለውም። የሚነሳው የምላስ ጀርባ ነው። ስለዚህ የምላስ ሥር ታስሯል የሚባለውም ከዚህ ድምፅ ጋር አይገናኝም።

ጦሳ ሥር፣ ንግግር ከዘገየባቸውና መስማት ከሚቸግራቸው ልጆች ጋር 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ። ልጅሽን ሳላያት ብዙ አልልም። ከጻፍሽው ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ምላሷ ትክክለኛ ቦታ እየሄደ ነው። «ከ» እና «ቀ» አፍ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሠሩት። ልጅቷ «ጠሚስ» ወይም «ተሚስ» ብትል ኖሮ ምላሷ ቦታ ስቷል እልሽ ነበር። የሷ ችግር ምላስ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው።

እስኪ ራስሽ ሞክሪው። ከባድ ጀሪካን ልታነሺ ስትይ ትንፋሽሽ ጉሮሮሽ ላይ ቀጥ ይላል አይደል? እንደዚያ ያዢው። ሳትለቂ «ቅ፣ ቅ፣ ቅ» በይ። ይወጣል፣ ጠጠር እንደወደቀ ይሰማል። አሁንም ትንፋሽሽን እንደያዝሽ «ክ፣ ክ፣ ክ» በይ። አይወጣም። «ክ» ከሳንባ የሚመጣ አየር ይፈልጋል። «ቅ» ግን ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አፍ ውስጥ በቀረችው ትንሽ አየር ነው የሚፈነዳው። ጣትሽን ማንቁርትሽ ላይ ብታደርጊ «ቅ» ስትይ ወደ ላይ ዘለል ሲል ይሰማሻል። ልጅሽ ያጣችው ይህን መዝጋት ነው።

አባባልሽ ለምን አልሠራም ላልሽው፦ የምላስ ማሰሪያ አባባል ድምፅ አያስተምርም። ያለን ድምፅ ያጠነክራል። ልጅቷ «ቀ» የላትም፣ ስለዚህ በአራት ቀን ውስጥ ምናልባት ብዙ መቶ ጊዜ «ከ»ን ተለማመደች። የፈጠነችውም ለዚህ ነው። አሁኑኑ አቁሚው። ዘፈኑን ሌላ ጊዜ ትመለሺበታለሽ።

ሁለት ነገር አጣርተሽ ንገሪኝ። «ጠ» እና «ጨ» እንዴት ናቸው? ጠላ፣ ጨው፣ ጭስ አስብያት። እነሱም «ተላ»፣ «ቸው» ከሆኑ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሁሉም በተዘጋ ጉሮሮ የሚወጡ ናቸውና። ሁለተኛ፣ ጆሮዋን ፈትሺ። የቀበሮና የከበሮ ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጪ። አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ አንዱን ጥሪ፣ እሷ ትጠቁም። አሥር ጊዜ አድርጊው፣ በተራ ሳይሆን እየቀላቀልሽ።

ሐይቅ ዳር

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ልጆች ቁርኣን አስቀራለሁ። እህቴ አብሽሪ፣ ይሄ መድኃኒቱ ቅርብ ነው። እኛ ጋ «ቃፍ» እና «ካፍ» የሚባሉ ሁለት ፊደላት አሉ። አንድ ልጅ ቃፉን ካፍ ካደረገው ትርጉሙ ይገለበጣል። «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ደግሞ ውሻ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፉን እናስተካክላለን። ከምላስ ሥር፣ ከጉሮሮ ጠለቅ አድርገህ አውጣ እንላለን። ልጅቷንም ወደ ኋላ ጠለቅ አድርጋ እንድትል አስተምሪያት። ያው አንድ ድምፅ ነው።

ቧንቧ ውሃ

ወአለይኩም ሰላም ኡስታዝ። ሁለቱን ቃል በትርጉም ለይቶ ማስጠናቱ እኔም የምፈልገው ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ላይ ግን አልስማማም። የዓረብኛው ቃፍ ቦታው ከእኛ «ቀ» ወደ ኋላ ይርቃል፣ ትንፋሹ ግን አይታገድም። የእኛ «ቀ» ቦታው እንደ «ከ» ነው፣ ትንፋሹ ነው የሚታገደው። እኛ አገር ብዙ ሰው ቃፉን በአማርኛው «ቀ» ስለሚቀራው አንድ ይመስላሉ። ለዚህች ልጅ «ወደ ኋላ ጠለቅ አድርጊ» ከተባለ ወፍራም «ከ» ልታወጣ ትችላለች። እንደዚያ ያደረጉ ልጆች ገጥመውኛል። ጉሮሯቸውን ይጨቁናሉ፣ ድምፃቸው ይሻክራል፣ «ቀ» ግን አይመጣም።

ሐይቅ ዳር

እኔ በጆሮዬ ስሰማው ልዩነቱ ይህን ያህል አይታየኝም። 20 ዓመት አስቀርቻለሁ፣ በዚህ መንገድ የተስተካከሉልኝ ልጆች አሉ። ትንፋሽ ስለመያዝ ያልሽውን ግን ነገ ልጆቹ ላይ እሞክረዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ጦሳ ሥር

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አጣራሁ። «ጠላ» እና «ጨው» ደህና ናቸው፣ ጥርት ያሉ። በሥዕሉ ከአሥሩ አሥሩንም አገኘች። እንዲያውም እኔ ሆን ብዬ «ከሚስሽን አምጪ» ስላት «ከሚስ አይባልም፣ ከሚስ ነው የሚባለው» ብላ ተቆጣችኝ! ራሷ ያለችውን አልሰማችውም። ትንፋሽ ይዛ «ቅ» ማለት ግን አልቻለችም። ትንፋሿን ትይዛለች፣ ልትናገር ስትል ትለቀዋለች።

ቧንቧ ውሃ

ደስ የሚል ዜና ነው። የሌላውን ስሕተት ትሰማለች፣ ስለዚህ ጆሮዋ ሁለቱን ድምፅ ይለያል። «ጠ» ካላት ደግሞ ጉሮሮ መዝጋትን ታውቃለች ማለት ነው። «ጥ» ላይ የምታደርገውን «ቅ» ላይ መድገም ብቻ ነው የሚቀራት። በዚያው እንግባ።

በሹክሹክታ «ጥ፣ ጥ፣ ጥ» በሏት። እንደ ውሃ ጠብታ። ከዚያ አፏን ከፈት አድርጋ፣ የምላሷን ጫፍ ከታችኛው ጥርሷ ጀርባ እንድታስቀምጥ ንገሪያት። መስታወት ፊት ቢሆን ይሻላል። ጫፉ እዚያው ሳይነሳ ያንኑ «ጠብታ» ታድርግ። ጫፉ ታች ስለቀረ የሚነሳው ጀርባው ብቻ ነው። የሚወጣው «ቅ» ነው። በመጀመሪያው ቀን ላይመጣ ይችላል። አምስት ደቂቃ በጠዋት፣ አምስት ደቂቃ ማታ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ጉሮሮዋን ካመማት ወይም ድምፇ ከሻከረ በጣም እየገፋች ነውና አስቁሚያት። «ቅ» ጉልበት አይፈልግም፣ በሹክሹክታም ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ቅ» ከመጣ በኋላ ቶሎ ብለሽ ወደ «ቀሚስ» እንዳትሮጪ። መጀመሪያ መጨረሻው «ቅ» የሆነ ቃል፦ ወርቅ፣ ጨርቅ፣ ሳቅ፣ ሐይቅ። እዚያ ከኋላው አናባቢ ስለሌለ አፍና ጉሮሮ ፋታ ያገኛሉ። በኔ ልምድ ልጆች መጀመሪያ የሚይዙት ይሄንን ነው። ቀጥሎ «ቅ» ብላ ቆም ትበል፣ ከዚያ «ኧይ» ትጨምር። ቅ … ኧይ። መሐሉን ክፍተት በየቀኑ ታጠቢዋለሽ። ክፍተቱ ሲጠፋ «ከይ» ተመልሶ ከመጣ ቸኩለሻል፣ ወደ ኋላ ተመለሺ።

አባባሉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያው አጻጻፍሽ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሁሉም ቃል በ«ቀ» ስለሚጀምር ልጅቷ «ከ»ን ከ«ቀ» መለየት አያስፈልጋትም። ሁሉንም «ከ» ብትለውም ዜማው አይሰበርም። ጥሩ መለማመጃ ስሕተቱን ራሱ የሚያጋልጥ ነው። አንቺ ሳታስቢው ወርቅ ይዘሻል፦ ቀበሮ እና ከበሮ። በ«ከ» ሲሳሳት ሌላ ቃል የሚሆን ፈልጊ። ቀበረ ከበረ ይሆናል። ቀዳ ከዳ ይሆናል። ቆላ ኮላ ይሆናል። ቀሰሰ ከሰሰ ይሆናል።

ቆቦ ሜዳ

እኔ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ልጅነቴን ሙሉ «ረ» አይወጣልኝም ነበር፣ አሁንም በጉሮሮዬ ነው የምለው። ለ«ረ» የሚሆን ቢጻፍልኝ ደስ ይለኛል። ለልጅቷ ደግሞ ሐሳብ አለኝ፦ የወሎ አገር ስም አስገቡ። ቆቦ አለ፣ ቃሉ አለ፣ ሐይቅ አለ። «ቆቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ቃሉ ቅቤ ቀዳሁ» ቢባልስ?

የወልድያ ልጅ

እኔም ላክል። በወሎ አነጋገር ብዙ ሰው «ጸሐይ»ን «ጠሐይ» ይላል። እሱም መታረም አለበት ብዬ አስባለሁ። ለእሱም አባባል ይጻፍ።

ቧንቧ ውሃ

ወንድሜ፣ «ጠሐይ» የሚል ሰው ድምፅ አልጎደለውም። እናቱ እንደዚያ ትላለች፣ ሰፈሩ እንደዚያ ይላል። የአካባቢ አነጋገር ነው፣ ጉድለት አይደለም። ልጅቷን የለየነው ግን እናቷም ጎረቤቷም «ቀ» እያሉ እሷ ብቻ «ከ» ስላለች ነው።

ቆቦ ሜዳ፣ የ«ረ» ነገር ሌላ ሥራ ነው። «ረ» ላይ የምላስ ጫፍ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ትንፋሽ ማገድ የለበትም። በ38 ዓመትም ይሞከራል፣ ግን ሰውየውን ሳያዩ በጽሑፍ መምራት ያስቸግራል። ሐሳብህ ላይ፦ ሐይቅን ልጅቷ ሄዳ ካየችው በደንብ ይጠቅማል። ቅቤ ግን ይነጠራል፣ ይቀባል፣ አይቀዳም። ልጅ እንዲህ ያለው ላይ ቆም ብላ «እንዴት ይቀዳል?» ትላለች፣ ልምምዱ ይቋረጣል።

ጦሳ ሥር

እንደገና ጻፍኩት። የሳይንቷ እናት ያለችውን ቀይ ቀበሮ አስገባሁ።

«ቀይ ቀበሮ ከበሮ ቀማ፤
ከበሮው ከበደው፣ ቀበሮው ወደቀ፤
ቆቅ ሳቀ፣ ቁራ ሳቀ፤
ቀበሮ ከበሮ ቀበረ።»

ቆጠርኩት። 12 ጊዜ «ቀ» አለበት፣ 4 ጊዜ «ከ»። ከተሳሳተች መጨረሻው «ከበሮ ከበሮ ከበረ» ይሆንባታል። ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ከበሮ ሀብታም ሆነ ማለት ነው!

የሳይንት እናት

ውይ፣ ቆንጆ ነው! ለልጆቼ አነበብኩላቸው፣ «ለምን ቀበረው?» አሉኝ። የሰረቀውን ደበቀ አልኳቸው። ቆቅ ግን የደሴ ልጅ ታውቃለች?

ጦሳ ሥር

እናቴ ጋ ወረኢሉ ስንሄድ አይታለች። ከእርሻ ውስጥ ብር ብላ ስትነሳ ደንግጣ ነበር፣ አትረሳትም።

ቧንቧ ውሃ

በጣም ጥሩ ነው። አናባቢውም ተለዋውጧል፦ ቀ፣ ቆ፣ ቁ፣ ቅ። ከንፈር ክብ የሚሆንበትም ዝርግ የሚሆንበትም አለ። «ወደቀ» እና «ሳቀ» ላይ «ቀ» መጨረሻ ላይ ነው፣ «ቆቅ» ሁለቱም ጫፍ ላይ አለው። ሦስተኛው መሥመር ላይ «ከ» የለም። በሱ ጀምሪ። ቀጥሎ የመጀመሪያው መሥመር፣ አንድ «ከ» ብቻ ያለበት። ሁለተኛው «ከ» ስለሚበዛበት መጨረሻ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ጭብጨባ። መንዙማ ላይ ድቤው ቀስ ብሎ ጀምሮ እንደሚያጠብቀው። አንድን መሥመር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳትሳሳት ካለችው ብቻ ጭብጨባውን አፍጥኚ። አንዴ ከሳተች ወደ ቀስታው ተመለሺ። በስልክሽ ቅጂው፣ አብራችሁ ስሙት፣ የሳተችበትን ራሷ ታግኘው። አንቺ አትንገሪያት። «ከሚስ አይባልም» ስትል እንዳየሽው፣ አፏ እየሠራ ጆሮዋ አይሰማም፣ ከስልክ ሲመጣ ግን ይሰማል።

ጦሳ ሥር (ከ5 ሳምንት በኋላ)

እንዴት ሰነበታችሁ? ቃል እንደገባሁት የሆነውን ልንገራችሁ።

«ቅ» በ9ኛው ቀን መጣ። ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ «ጥ፣ ጥ» እያለች ሳለ በድንገት «ቅ» አለች። ደንግጣ አየችኝ። እኔ ደግሞ ልጮህ ስል አፌን ያዝኩ። ሳቅና ወርቅ በሁለተኛው ሳምንት ተስተካከሉ። «ሐይቅ» ዘገየ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ቀይ» ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶናል። አባባሉን የጀመርነው በአራተኛው ሳምንት ነው።

ትናንት ማታ በቀስታ ጭብጨባ አራቱንም መሥመር አለች። መጨረሻው ላይ «ቀበሮ ከበሮ ከበረ» ብላ ቀጥ አለች። «ከበረ! ሀብታም ሆነ!» ብላ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ራሷ ደግማ «ቀበረ» አለች።

ሁለት ነገር ግን አስጨንቆኛል። ስትጫወት ወይም ስትናደድ አሁንም «ከ» ነው። ሌላው ደግሞ አዲስ ነገር ነው። «ቀሰል አቀጣጥዪ»፣ «ቀብት መጣ» ማለት ጀምራለች። ከሰሉንም ከብቱንም «ቀ» አደረገችው። አበላሸኋት እንዴ?

ቧንቧ ውሃ

አላበላሸሽም። አዲስ ድምፅ ያገኘ ልጅ ባልተገባው ቦታም ይሞክረዋል። አሁን ሁለተኛውን መሥመር አምጪው፣ «ከበሮው ከበደው፣ ቀበሮው ወደቀ»። «ከ» የበዛበት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከሰልና ከብትን በሥዕል ከቀሚስና ከቀበሮ ጋር አቀላቅያቸው። በሦስትና በአራት ሳምንት ካልቀነሰ ያኔ ፊት ለፊት የሚያያት ባለሙያ ይፈለግ።

ስትናደድ የምትለውን ተይው። ማዕድ ላይ፣ ጨዋታ ላይ አታርሚያት። አሥር ደቂቃዋ ላይ ብቻ።

የሳይንት እናት

እኔ ግን ማዕድ ላይም ቀስ ብሎ መመለስ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። «ኩርስ» ስትል «አዎ ቁርስ ደርሷል» ማለት። ሁለተኛውን ልጄን እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ቧንቧ ውሃ

እንደሱማ ከሆነ አልቃወምም፣ እርማት አይመስልም። እኔ የፈራሁት «በይ እንደገና በዪው» የሚባለውን ነው።

ሐይቅ ዳር

እኔም ልጆቹ ላይ ሞክሬዋለሁ። ትንፋሽ ያዙ ስላቸው ሁለቱ ወዲያው አወጡት፣ አንዱ አሁንም ወፍራም «ከ» ነው የሚለው። ቃፉን ሲቀራ ግን ያምርበታል። ይሄ አንቺ ያልሽው ይሁን ሌላ፣ ገና አልገባኝም። እህቴ፣ የቀይ ቀበሮዋን ግጥም ለልጆቹ ልጠቀምባት?

ጦሳ ሥር

ኡስታዝ፣ ደስ እያለኝ። «ከበሮ»ን ብቻ «ድቤ» እንዳያደርጉብኝ!